ትኩሳት ለምን ይነሳል? ማብረዱስ መቼ ይበጃል?

የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት በብብት ሲለካ ከ36 ዲግሪ ተኩል እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይገኛል። ይህን በስፋት አጥንቶ ቴርሞሜትርን የሐኪሞች የዘወትር መሣሪያ ያደረገው ካርል ቩንደርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ቩንደርሊክ በላይፕሲግ ከተማ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን ሙቀት በብብታቸው ሲያስለካ ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1868 በመጽሐፍ አወጣ። የጤነኛ ሰው ሙቀት ማለዳ ላይ ዝቅ፣ ወደ ማታ ደግሞ ከፍ እንደሚልም አስተውሏል። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራ ውሎ ሲገባ 37 ዲግሪ ከምናምን ቢያሳይ ታሟል ማለት አይደለም። ብዙ ሐኪሞች ትኩሳት የሚሉት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ሕፃናት በብብት በሚለኩበት ጊዜ ግን 37 ዲግሪ ተኩልም እንደ ትኩሳት ይቆጠራል።

ይህን ሙቀት የሚቆጣጠረው በአንጎል ሥር የሚገኝ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። ሃይፖታላመስ ወደ እሱ የሚደርሰውን ደም ሙቀትና ከቆዳ የሚመጣውን መልእክት ያለማቋረጥ ያነባል፤ ከዚያም ሰውነት ሊጠብቀው ከሚገባው ልክ ጋር ያስተያያል። ሙቀቱ ከልኩ ሲበልጥ ላብ ያስወጣል፣ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮችም ያሰፋል። ሲያንስ ደግሞ የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ ጡንቻን ያንቀጠቅጣል። በጤና ጊዜ ልኩ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ትኩሳት የሚባለው ሃይፖታላመስ ይህን ልክ ራሱ ከፍ ሲያደርገው ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንጎል ርቆ ነው። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ ወይም የወባ ተሕዋስ ወደ ሰውነት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኙት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች ባዕዱን አካል ሲለዩ ኢንተርሊዩኪን የመሳሰሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክቱ በደም ተጉዞ በሃይፖታላመስ አጠገብ ያሉትን የደም ሥሮች ሲነካ፣ በዚያ ያሉት ሴሎች ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታሉ። የሙቀቱን ልክ ከ37 ወደ 39 የሚያነሳው ይህ ፕሮስታግላንዲን ነው። አስፕሪን ትኩሳትን የሚያበርደው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ስለሚያግድ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ፤ በዚህም ሥራው በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። አይቡፕሮፌንም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የፓራሲታሞል የማብረድ ኃይልም አንጎል ውስጥ ይህንኑ ምርት ከመቀነስ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ማስታገሻው የሚነካው የሙቀቱን ልክ ብቻ ነው። ባክቴሪያውን አይገድልም፣ ቫይረሱን አያዳክምም፣ ወባውንም አያጠፋም።

ልኩ ከተነሳ በኋላ የሚሆነውን ማንም ያየው ሰው ያውቀዋል። ልኩ 39 ሆኗል፣ ደሙ ግን ገና 37 ላይ ነው። ሃይፖታላመስ ይህን እንደ ብርድ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ቆዳው ይገረጣል፣ ሕመምተኛው ጋቢ ደርቦ ተጠቅልሎም “በረደኝ” ይላል። የልጁ ሆድና ግንባር እየፋጀ እግሩ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። የደም ሥሮቹ መጥበብ ካልበቃ ጡንቻዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥርስ ይፋጫል። ይህ ሁሉ ሙቀት ለማምረትና የተመረተውን ላለማባከን የሚደረግ ነው። ደሙ 39 ሲደርስ ብርዱ ይለቃል፤ ሰውየው ፊቱ ቀልቶ፣ ቆዳው ደርቆ ይግላል። በሽታው ሲረታ ወይም ማስታገሻ ሲወሰድ ልኩ ወደ 37 ይመለሳል። ያን ጊዜ 39 ዲግሪ የሆነው ደም ትርፍ ሙቀት ይሆንና ላብ በላብ ያደርጋል።

እነዚህን ሦስት ደረጃዎች በግልጽ ለይቶ የሚያሳይ እንደ ወባ ያለ በሽታ የለም። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ተሕዋስያን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ተባዝተው ሴሉን አፈንድተው ሲወጡ ነጭ የደም ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። ይህ ዑደት ወደ 48 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዑደቱ በተስተካከለበት ሰው መጀመሪያ ብርድና መንቀጥቀጥ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ከፍተኛ ትኩሳት ይከተላል። በመጨረሻም በላብ ተነክሮ ይወርዳል፤ ሕመምተኛው ደክሞ ይተኛል። በነጋታው ተሽሎት ሊነሳ ይችላል። በዚያን ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲለካ ቴርሞሜትሩ 37 ቢያሳይ ወባው ሄዷል ማለት አይደለም፤ ተሕዋሱ በደሙ ውስጥ የሚቀጥለውን ዙር እያዘጋጀ ነው። ጥሩ ባለሙያ “አሁን ትኩሳት አለህ?” ብሎ የማያበቃው፣ “ባለፉት ሁለት ቀናት ትኩሶህ ነበር?” ብሎ የሚጨምረውና ደም የሚያስመረምረው በዚህ ነው። የፋልሲፓረም ወባ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሥርዓት አይጠብቅም፤ ትኩሳቱ ያለማቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ቀን ቆጥሮ አለመምጣቱ ወባ ላለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ከትኩሳት ጋር ፈጽሞ መምታታት የሌለበት ሌላ ሁኔታ አለ፤ እሱም ሰውነት በውጭ ሙቀት ሲመታ የሚደርሰው አደጋ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ሜዳ ላይ የሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ ወይም በአፋር በረሃ ውሃ አጥቶ የሚጓዝ ሰው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። የዚህ ሰው የሙቀት ልክ አልተነሳም፤ እዚያው 37 ላይ ነው። ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት ስላቃተው ብቻ ከቁጥጥር ወጥቷል። ልኩ ስላልተነሳ ፓራሲታሞል ምንም አይፈይድለትም። የሚያድነው ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን ማውለቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ወይም ማርጠብና ማራገብ፣ ባስቸኳይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሲዘባርቅ ወይም ራሱን ሲስት ደግሞ የሚባክን ደቂቃ የለም። በኢንፌክሽን የሚመጣው ትኩሳት ግን በሃይፖታላመስ ቁጥጥር ሥር ስለሚሆን ከ41 ዲግሪ ብዙም አያልፍም።

ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያድጋል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይጨምራል፣ ውሃ በቆዳና በትንፋሽ ይወጣል፣ ምግብ ግን አይበላም። እንዲህ ያለ ውድ ነገር ለረጅም ዘመን ከእንስሳት ሳይጠፋ መቆየቱ አንድ ጥቅም ቢኖረው ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። ጥርጣሬውን በሙከራ የፈተነው ማቲው ክሉገር የተባለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው።

ክሉገርና ባልደረቦቹ የመረጡት እንስሳ የሰሜን አሜሪካ በረሃ እንሽላሊት ነው። ምርጫው ብልህነት አለበት። እንሽላሊት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመርትም፤ ሲበርዳት ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሲሞቃት ጥላ ትገባለች። ስለዚህ ተመራማሪው የተቀመጠችበትን ክፍል ሙቀት በመወሰን ብቻ የሰውነቷን ሙቀት ይወስናል፤ መድኃኒት መስጠት ሳያስፈልገው ትኩሳትን ይከለክላል ወይም ይፈቅዳል። አንዷ ክፍል ሞቃት፣ ሌላዋ ቀዝቃዛ ሆና መምረጥ ሲፈቀድላቸው፣ በባክቴሪያ የተያዙት እንሽላሊቶች ከጤነኞቹ ይልቅ ሞቃቱን እየመረጡ ሙቀታቸውን በሁለት ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርገው ይዘው ተገኙ። የሚያስታምማቸው የለም፣ የሚመክራቸው የለም፤ በሽታው ራሱ ወደ ሙቀቱ ይነዳቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ዋናው ሙከራ ነው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። እንሽላሊቶቹ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ በተባለ ባክቴሪያ ተወጉ፤ ከዚያ በ34፣ በ36፣ በ38፣ በ40 እና በ42 ዲግሪ በሚሞቁ የተለያዩ ክፍሎች ተቀመጡ። የጤነኛ እንሽላሊት የዘወትር ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 40 እና 42 የትኩሳት ሙቀቶች ናቸው። በ34 ዲግሪ የተያዙት ሁሉ በአራት ቀን ውስጥ አለቁ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የሚተርፉት ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ በ42 ዲግሪ ከነበሩት አብዛኞቹ ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት ክሉገርና ሊንዳ በርንሃይም ሙከራውን በሌላ በኩል ደገሙት። ለ12 የታመሙ እንሽላሊቶች የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ሶዲየም ሳሊሲሌት ሰጡ። መድኃኒቱ ትኩሳታቸውን ያጠፋባቸው ሰባቱ ሞቱ፤ መድኃኒቱን ወስደውም ሙቀት ፈልገው ትኩሳት የያዙት አምስቱ ተረፉ። ገዳዩ መድኃኒቱ ራሱ ቢሆን ኖሮ አምስቱም በሞቱ ነበር።

ሙቀቱ ይህን የሚያደርገው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ጥቂት ተሕዋስያን የለመዱት ሙቀት ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሲያልፍባቸው ይዳከማሉ። ተራ ጉንፋን ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ራይኖቫይረስ በአፍንጫ ውስጥ ባለው በ33 እና በ34 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይባዛል፤ በ37 እና ከዚያ በላይ ግን ብዙ አይሳካለትም። ብዙ ባክቴሪያዎች ደግሞ ለመባዛት ብረት ይሻሉ። በትኩሳት ጊዜ ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ብረት ወደ ጉበትና ወደ ሌላ ቦታ ይሸሽጋል፤ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ያለ ባክቴሪያ ደግሞ ብረት ለመሰብሰብ ያለው ችሎታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ይረዳዳሉ። ይህ ግን በሽታ ላይ ያለ ሰው የብረት ክኒን በራሱ ያቋርጥ ማለት አይደለም፤ ያ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች በሙቀት ይፈጥናሉ፤ ወደ ተወረረው ቦታ ይሮጣሉ፣ ይባዛሉ፣ ይዋጋሉ። ሙቀቱ ተሕዋሱን በቀጥታ የሚገድል እሳት ሳይሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ፉክክር ወደ ሰውነት የሚያጋድል መሆኑ ተመዝግቧል።

ትኩሳትን መሣሪያ አድርጎ መጠቀምም ተሞክሮ ያውቃል። የቪየናው ሐኪም ዩሊየስ ዋግነር-ያውረግ እ.ኤ.አ. በ1917 ቂጥኝ አንጎላቸው ላይ የደረሰባቸውንና ሌላ ተስፋ ያልነበራቸውን ሕሙማን ሆን ብሎ በወባ ያስይዛቸው ጀመር። ከተወሰኑ የወባ ትኩሳቶች በኋላ ወባውን በኪኒን ያጠፋላቸዋል። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ተሻላቸው፤ አንዳንዶቹ ግን በወባው ሞቱ። ሰውየው በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፔኒሲሊን ሲመጣ ይህ አደገኛ ሕክምና ቀረ፤ መቅረቱም ተገቢ ነበር።

እስካሁን የተባለው ሁሉ እንሽላሊትና የላቦራቶሪ ሴል ላይ ቢቆም፣ ሰውን በተመለከተ ለመፍረድ አይበቃም። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች መልሳቸው ከእንሽላሊቶቹ የለዘበ ነው። ሰውነት ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በሚያወጣው ቺክን ፖክስ በተያዙ 72 ሕፃናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት አለ። ለግማሾቹ ፓራሲታሞል፣ ለቀሩት መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ሽሮፕ ተሰጠ። ፓራሲታሞል የወሰዱት ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ በአማካይ 6 ቀን ከ7 ክፍል ሲወስድባቸው፣ ያልወሰዱት ግን በ5 ቀን ከ6 ክፍል ደረቀላቸው። ልዩነቱ አንድ ቀን ነው፤ ሕፃናቱን የገደለ ወይም ያባሰ ነገር የለም።

ለአፍሪካ አንባቢ ይበልጥ የሚነካው በጋቦን፣ በላምባሬኔ ሆስፒታል በወባ በታመሙ 50 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ ውጤቱ በ1997 ወጣ። ሁሉም ሕፃናት ኪኒን ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ፓራሲታሞል ወሰዱ። ደማቸው ከወባ ተሕዋስ እስኪጸዳ ፓራሲታሞል የወሰዱት 75 ሰዓት፣ ያልወሰዱት 59 ሰዓት ቆዩ። እዚህም ያለማስታገሻ የቆዩት ቀደሙ። ነገር ግን ልጆቹን ያዳናቸው ኪኒኑ እንጂ የማስታገሻው አለመኖር አይደለም፤ ወባን ማንም በትኩሳት ብቻ አያድንም።

ትልቁ ጥናት የተካሄደው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ትኩሳት ያላቸውና ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸው 700 አዋቂ ሕሙማን በየስድስት ሰዓቱ አንድ ግራም ፓራሲታሞል ወይም መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጣቸው። በ90 ቀናት ውስጥ የሞቱት መጠን በሁለቱ ቡድን ተቀራራቢ ነበር፤ 16 በመቶ ገደማ ነው። ጥናቱ በ2015 ሲታተም መልእክቱ ለሁለቱም ወገን የሚያስተምር ነበር። ትኩሳትን ማብረድ ያድናል ብለው የሚያምኑት ድጋፍ አላገኙም፤ ማብረድ ይገድላል ብለው የሚፈሩትም እንደዚሁ። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው ፍርድ ይህ ነው፤ ትኩሳቱን ማውረድ በሽታውን አያሳጥረውም፣ አልፎ አልፎም በጥቂቱ ያስረዝመው ይሆናል፤ ዋጋው ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ትንሽ ነው። ማስታገሻ የሚሰጠው ሰውየው ከሚሰማው ስቃይ ለማረፍ ብሎ ነው፤ በቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር 37 ለማድረግ ብሎ መሆን የለበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ለባለሙያዎች ያወጣው ምክርም ይኸው ነው፤ ዓላማው የልጁ ምቾት እንጂ ሙቀቱን ወደ መደበኛ መመለስ አይደለም።

ወላጆች ግን ከበሽታው ይልቅ ቁጥሩን ይፈራሉ። “ትኩሳቱ አንጎሉን እንዳያቃጥለው” የሚለው ስጋት ከሁሉ የተለመደ ነው። በተለመደው ኢንፌክሽን የሚመጣ 39 ወይም 40 ዲግሪ ትኩሳት በራሱ አንጎልን አይጎዳም። አንጎልን የሚጎዳው ማጅራት ገትር ወይም ወደ አንጎል የወጣ ወባ ነው፤ ትኩሳቱ የእነሱ ምልክት እንጂ ምክንያታቸው አይደለም። ሁለተኛው ስጋት ልጅ በትኩሳት ይንዘፈዘፋል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ100 ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት አንድ ጊዜ ይንዘፈዘፋሉ። አብዛኛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል፤ ልጁንም አያሰናክልም። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ግን፣ ፓራሲታሞል አስቀድሞ መስጠት ይህን መንዘፍዘፍ እንደማያስቀር መረጋገጡ ነው። የተንዘፈዘፈ ልጅ ወደ ጎን ይተኛል፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት ወይም መድኃኒት አይገባም፤ ሰዓት ይታያል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከደገመው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በአጭሩ ቢያበቃም የመጀመሪያው ከሆነ ልጁ በሐኪም መታየት አለበት፤ ማጅራት ገትር ይሁን አይሁን የሚለየው በምርመራ ነውና።

ታዲያ ማስታገሻው መቼ ይሰጣል? ልጁ ትኩሳት እያለበት የሚጫወት፣ የሚጠጣና የሚስቅ ከሆነ ማስታገሻ አያስፈልገውም፤ ተኝቶ ከሆነም ለሽሮፕ ብሎ መቀስቀስ አይገባም። ራሱን ካመመው፣ ከተነጫነጨ፣ ለመጠጣት እምቢ ካለ ግን ፓራሲታሞል ይረዳዋል፤ ሕመሙ ሲቀልለት ውሃና አጥሚት ይጠጣልና። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አዋቂ፣ ትኩሳቱ የሚጭነውን ተጨማሪ ሥራ ላይችለው ይችላል፤ ለእሱ ማብረዱ ተገቢ ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ለፅንሱ አስጊ ሊሆን ስለሚችል ራሷ ሳታዘገይ ሐኪም ዘንድ መታየት አለባት።

ፓራሲታሞል የሚሰጠው በልጁ ክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። ለአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ነው። በፋርማሲዎች በብዛት የሚገኘው አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ስለዚህ ከሽሮፑ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ቢያስፈልግ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ መብለጥ የለበትም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በጠብታ መልክ የሚሸጥ ሌላ ፓራሲታሞል አለ፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። የሽሮፑን መጠን ይዞ ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር የሰጠ ወላጅ ለልጁ 500 ሚሊ ግራም አጠጥቶታል። ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ያጠፋል፤ ጉዳቱም ቶሎ አይታይም፤ ልጁ አንድ ሁለት ቀን ደህና መስሎ ይውላል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ በቤት ማንኪያ ሳይሆን ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ መስጠት፣ ልጁ የሚወስደው የጉንፋን መድኃኒትም ፓራሲታሞል እንዳለበት ማጣራት ያስፈልጋል። አስፕሪን ለሕፃናት አይሰጥም፤ ከጉንፋንና ከቺክን ፖክስ ጋር ሲሆን ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል በሽታ ያመጣልና። ደንጊ ትኩሳት በሚኖርባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ በተነሳባት ድሬዳዋ፣ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም መድማትን ስለሚያብሱ ምርመራው ሳይታወቅ አይወሰዱም።

ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና በአልኮል ወይም በአረቄ ማሸት በብዙ ቤት ይደረጋል። ልኩ ገና 39 ላይ እንዳለ ቆዳውን ማቀዝቀዝ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡም ተጨማሪ ሙቀት ያመርታል። ለጊዜው ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ በመሀሉ ልጁ ይሰቃያል። አልኮሉ ደግሞ በቆዳና በትንፋሽ ወደ ደሙ ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ ልጁ እየጋለ በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለልም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያደርጋል። ሲበርደው ስስ ልብስ ማልበስ፣ ሲግል ማቅለል፣ ብዙ ፈሳሽ ማጠጣት፣ የምትጠባውን ደጋግሞ ማጥባት በቂ ነው። ዳማ ከሴን ለምች የሚጠቀም ቤተሰብ ቅጠሉን ጨምቆ ማሽተቱ ለብቻው ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ከቅጠሉ ጋር ሦስት አራት ቀን ሲጠበቅና የወባ ምርመራው ሲዘገይ ነው።

ትኩሳት በማስታገሻ መውረዱ ስለ በሽታው ቀላልነት የሚናገረው ነገር የለም። ወባም፣ ማጅራት ገትርም፣ የሳንባ ምችም ፓራሲታሞል ሲሰጥ ሙቀታቸው ይወርዳል። መታየት ያለበት ሕመምተኛው ነው። ልጁ ጡት ወይም ውሃ መውሰድ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ሳይለካ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። አረጋውያን ደግሞ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሙቀታቸው ላይነሳ ይችላል፤ በድንገት ግራ የተጋቡ ወይም የተዝለፈለፉ ሽማግሌ ትኩሳት የለባቸውም ተብሎ ቤት መተው አደገኛ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በብብቱ 37 ዲግሪ ተኩልና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ከ35 ዲግሪ ተኩል በታች ከወረደ፣ በቤት ውስጥ የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።